ጌትዌዩን እያገኙ እርስ በርስ ፒንግ የማይደራረጉ ሁለት ኮምፒዩተሮች፦ ሲመረመሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር 192.168.10.20፣ የገንዘብ ያዡ ደግሞ 192.168.10.35 የሚል አድራሻ አላቸው እንበል። ሁለቱም በአንድ ስዊች ላይ፣ በአንድ ቪላን ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ጌትዌዩን 192.168.10.1 ያለ ችግር ፒንግ ያደርጋሉ፤ ኢንተርኔትም ይሠራላቸዋል። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር ግን በገንዘብ ያዡ ኮምፒዩተር ላይ የተገጠመውን ማተሚያ ሊያገኘው አልቻለም፤ ፒንግ ሲደረግም መልስ የለም። እንዲህ ያለው ችግር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ የሚለይ ሲሆን፣ ረጅም ሰዓት የሚበላው በምርመራው ላይ በሚሠሩ ስህተቶች ምክንያት ነው።

የጌትዌዩን መልስ ለሁሉም ነገር ማስረጃ አድርጎ መውሰድ

ጌትዌዩ መለሰ ማለት የኮምፒዩተሩ ኬብል፣ የስዊቹ ፖርትና የቪላኑ ምደባ ደህና ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ኬብል መቀየርና ቪላኑን አፍርሶ እንደገና መሥራት ከንቱ ድካም ነው። በሌላ በኩል ግን ይኸው መልስ ስለ ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ግንኙነት የሚነግረን ነገር የለም። ጌትዌዩ ፒንግ ለሚያደርገው ሁሉ እንዲመልስ የተዋቀረ መሣሪያ ነው፤ የቢሮ ኮምፒዩተር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ስዊቹም ቢሆን ከፖርት ወደ ጌትዌይ የሚሄደውን እያሳለፈ ከፖርት ወደ ፖርት የሚሄደውን እንዲከለክል ሊታዘዝ ይችላል።

የስህተት መልእክቱን ሳያነቡ ማለፍ

ከሁሉም የሚያስቆጨው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ራሱ ግማሹን መልስ በስክሪኑ ላይ ጽፎት ይገኛል። አንድ ኮምፒዩተር በራሱ ሰብኔት ውስጥ ላለ ሌላ ኮምፒዩተር ፓኬት ከመላኩ በፊት የዚያን ኮምፒዩተር ማክ አድራሻ በኤአርፒ ጥያቄ ይጠይቃል። ለጥያቄው መልስ ካጣ የሚከተለውን ይጽፋል፦

```
Reply from 192.168.10.20: Destination host unreachable.
```

እዚህ ላይ የመላሹ አድራሻ መታየት አለበት። መልሱ የመጣው ከራሱ ከጠያቂው ኮምፒዩተር ነው፤ ፓኬቱ ገና ከቤት አልወጣም። ማክ አድራሻው ተገኝቶ ለፒንጉ ብቻ መልስ ከታጣ ግን የሚጻፈው `Request timed out.` የሚለው ነው። ፒንጉ እንዳቆመ ወዲያውኑ የሚከተለውን ትእዛዝ መስጠት ይገባል፦

```
arp -a
```

በዝርዝሩ ውስጥ የ192.168.10.35 ማክ አድራሻ ከታየ ስዊቹ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግሩ በተጠያቂው ኮምፒዩተር ውስጥ ይፈለግ። ካልታየና መልእክቱም የመጀመሪያው ከሆነ በመካከል ያለ ነገር እየከለከለ ነው፤ ወይም ደግሞ ተጠያቂው ኮምፒዩተር ጠፍቷል አለዚያም አድራሻው ተለውጧል። ይህን ሳይለዩ ወደ ማስተካከል መግባት ሁሉንም ነገር በየተራ እየነካኩ መዋል ነው።

ፋየርዎሉን ጨርሶ ማጥፋት

የኤአርፒ መልስ መጥቶ ፒንጉ ብቻ ከቀረ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የተጠያቂው ኮምፒዩተር ፋየርዎል ነው። የዊንዶውስ ፋየርዎል የኤአርፒን ልውውጥ አይነካም፤ ከውጭ የሚመጣ የፒንግ ጥያቄን ግን፣ በተለይ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ በተመዘገበበት ኮምፒዩተር ላይ፣ በዝምታ ይጥለዋል። ምድቡ ምን እንደሆነ በፓወርሼል `Get-NetConnectionProfile` በማለት ይታያል። ራሱ ኮምፒዩተሩ ለጀመረው ፒንግ የሚመጣውን መልስ ግን ፋየርዎሉ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ምንጊዜም በሁለቱም አቅጣጫ መሞከር ያስፈልጋል፤ ከገንዘብ ያዡ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ሠርቶ በተቃራኒው እምቢ ካለ ጥርጣሬው በእጅጉ ይጠነክራል።

ብዙ ባለሙያዎች እዚህ ደረጃ ሲደርሱ ፋየርዎሉን አጥፍተው «ሠራ» ብለው ይሄዳሉ። እንዲህ የተተወ ኮምፒዩተር ለፒንጉ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነገር ክፍት ሆኖ ይቀራል። አስተዳዳሪ ሆኖ በተከፈተ መስኮት አንድ ሕግ ብቻ መጨመር ይበቃል፦

```
netsh advfirewall firewall add rule name="Ping from LAN" dir=in action=allow protocol=icmpv4:8,any remoteip=localsubnet
```

ይህ ፒንጉን ብቻ ይከፍታል። ማተሚያውን ለመጋራት ደግሞ ኔትወርኩን «ፕራይቬት» ማድረግና የፋይልና የማተሚያ መጋራትን ማብራት ይጠይቃል። የራሱ ፋየርዎል ያለው ጸረ ቫይረስ ከተጫነ ግን ማስተካከያው በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ይደረጋል።

በዓላማ የተደረገን ክልከላ እንደ ብልሽት መቁጠር

ኤአርፒው በሁለቱም በኩል መልስ ካጣ ወደ ስዊቹ መግባት ተገቢ ነው። በሲስኮ ካታሊስት ስዊች ላይ እንዲህ ይጠየቃል፦

```
show interfaces GigabitEthernet1/0/5 switchport
```

ከውጤቱ መጨረሻ አካባቢ `Protected: true` የሚል መስመር ካለና የሌላው ኮምፒዩተር ፖርትም እንዲሁ ከሆነ ምስጢሩ ተገኘ። ጥበቃ የተደረገባቸው ሁለት ፖርቶች በአንድ ስዊች ላይ እስካሉ ድረስ የኤአርፒ ጥያቄን ጨምሮ ምንም ነገር አይለዋወጡም፤ ወደ ጌትዌዩ የሚወስደው ፖርት ጥበቃ ስለሌለበት ግን ሁለቱም ያገኙታል። ክልከላው ከአንድ ስዊች አያልፍም። በዚህም ምክንያት አንዱን ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ስዊች ያዛወረ ሰው ፒንጉ ሲሠራለት የመጀመሪያው ስዊች ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል፤ ደህናውን ስዊች አውልቆ ማስቀመጥም ይከተላል። ፕራይቬት ቪላን ሲሆን ግን ክልከላው ከስዊች ወደ ስዊች ሊዘልቅ ስለሚችል `show vlan private-vlan` ተብሎ መታየት አለበት። በዋይፋይ የተገናኙ ከሆነም አክሰስ ፖይንቱ ላይ ተጠቃሚዎችን እርስ በርስ የሚለያየው ምርጫ በርቶ እንደሆነ ይታይ።

ይህን ያዘዘ ሰው አንድ ኮምፒዩተር በቫይረስ ቢያዝ ወደ ጎረቤቱ እንዳይዛመት ብሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁሉም ፖርቶች ላይ ማንሳት አይገባም። ክልከላው የሚሠራው ሁለቱም ፖርቶች ጥበቃ ሲኖራቸው ብቻ በመሆኑ፣ ማተሚያው ካለበት የገንዘብ ያዡ ኮምፒዩተር ፖርት ላይ ብቻ `no switchport protected` ማለት ይበቃል።

ሰብኔት ማስኩን ሳያወዳድሩ መተው

አንዳንድ ጊዜ ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ፤ መልእክቱ `Request timed out.` ይላል፣ በ`arp -a` ዝርዝር ውስጥ ግን የተጠያቂው አድራሻ የለም። ይህ የሚሆነው ጠያቂው ኮምፒዩተር ማክ አድራሻውን ጨርሶ ሳይጠይቅ ፓኬቱን ለጌትዌዩ ሲያስረክብ ነው። ለምሳሌ ኔትወርኩ ሲሰፋ ማስኩ ከ255.255.255.128 ወደ 255.255.255.0 ተለውጦ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር ግን አድራሻው በእጅ የተጻፈ በመሆኑ በድሮው ማስክ ቀርቶ ይሆናል። ለእርሱ ሰብኔቱ 192.168.10.127 ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጌትዌዩንና 192.168.10.35ን እንደ ጎረቤት ሲያያቸው፣ አዲስ የመጣውን 192.168.10.150 ግን እንደ ሩቅ አገር ይቆጥረዋል።

ጌትዌዩ ተራ ራውተር ከሆነ ፓኬቱን መልሶ ወደዚያው ቪላን ስለሚልከው ችግሩ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ጌትዌዩ ፋየርዎል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለጣል፤ 192.168.10.150 የሒሳብ ክፍሉን ኮምፒዩተር ፒንግ ሲያደርግ ጥያቄው በቀጥታ ይደርሳል፣ መልሱ ግን በፋየርዎሉ በኩል ይመለሳል፣ ፋየርዎሉም ጥያቄውን ያላየውን መልስ ይጥለዋል። ጌትዌይ ፒንግ ማድረግ ይህን ስህተት ፈጽሞ አያጋልጠውም፤ የሁለቱን ኮምፒዩተሮች `ipconfig` ጎን ለጎን አስቀምጦ የማስኩን መስመር ማነጻጸር ነው የሚያጋልጠው። ማስኩን በእጅ ከማረም ይልቅ ኮምፒዩተሩን ወደ ዲኤችሲፒ መመለስና ቋሚ አድራሻ ካስፈለገው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ማስያዝ ይሻላል፤ ኔትወርኩ ዳግመኛ ሲሰፋ አዲሱ ማስክ ሳይነገረው ይደርሰዋል።