ያለ ሥራ ልምድ ለባንክ ሰልጣኝነት ሲያመለክቱ ደብዳቤውን የሚያበላሹ ስህተቶች

የባንክ ሰልጣኝ መደብ የሚወጣው ለአዲስ ተመራቂዎች ነው። ማስታወቂያው ራሱ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ ከሁሉም አመልካቾች ጋር የሚመጣው ዲግሪም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን የሚያነበው የሰው ሀብት ባለሙያ ልምድ ፍለጋ አይደለም የተቀመጠው። ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ገንዘብ ቢሰጠው ቆጥሮ ይረከባል ወይ፣ ቁጥር ሳያዛባ ይመዘግባል ወይ፣ ስህተት ሲያገኝ ይናገራል ወይስ ይደብቃል፣ የደንበኛን ምስጢርስ ይጠብቃል ወይ የሚለውን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለመገንዘብ ነው።

በይቅርታ መጀመር

«ምንም እንኳን የሥራ ልምድ ባይኖረኝም…» የሚለው አጀማመር ከሁሉም የተለመደው ነው። ጉዳቱ ትሕትናው አይደለም። አንባቢው የሚያውቀውን ነገር መልሶ መንገሩ ነው፤ ያውም ደብዳቤው ውስጥ በእርግጠኝነት የሚነበበው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ። ቀሪው ላይነበብ ይችላል።

በዚያ ቦታ ሦስት ነገሮች ቢገቡ ይበቃል፤ የመደቡ ትክክለኛ መጠሪያ ከማስታወቂያው ቁጥር ጋር፣ የተመረቁበት ትምህርትና ጊዜ፣ ከዚያም ለሥራው የሚቀርብ አንድ ተጨባጭ ነገር። ለምሳሌ፦ «በማስታወቂያ ቁጥር … ለወጣው የባንክ ሰልጣኝ መደብ አመለክታለሁ። በዚህ ዓመት በሒሳብ አያያዝ ተመርቄያለሁ፤ በትምህርት ላይ ሳለሁም ለሁለት ሴሚስተር የተማሪዎች ክበብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ።» ልምድ የለኝም የሚል ቃል አልገባም፤ የተዋሸ ነገርም የለም።

ባሕርይን በቅጽል መደርደር

«ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችልና የሥራ ጫናን የምቋቋም ነኝ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ታማኝ ያልሆነ ሰውም እንዲሁ ይጽፈዋል፤ ስለዚህ አንባቢው ምንም አይማርበትም። ባንክ ውስጥ ታማኝነት የሚለካው በአሠራር ነው። ገንዘብ ከፋዩ ጠዋት የሚረከበውን ገንዘብ ቆጥሮ ይፈርማል፤ ማታ ሲዘጋ በእጁ ያለው ገንዘብ ሲስተሙ ላይ ካለው ጋር መመሳከር አለበት። ልዩነት ከተገኘ ጉድለትም ይሁን ብልጫ ሪፖርት ይደረጋል። ደብዳቤው ይህን የሚመስል ነገር ከተማሪነት ሕይወት ፈልጎ ማቅረብ አለበት።

ከላይ የተጠቀሰውን የክበብ ገንዘብ ያዥ እንውሰድ። አብዛኛው ሰው በዚህ መልክ ይጽፈዋል፦

«የክበቡ ገንዘብ ያዥ ሆኜ በታማኝነትና በትጋት አገልግያለሁ።»

ያው ሰው፣ ያው ሥራ፣ ነገር ግን የሠራውን ሲናገር፦

«የ64 አባላትን ወርሃዊ መዋጮ በደረሰኝ እየሰበሰብኩ በየሳምንቱ መዝገቡን በእጅ ካለው ገንዘብ ጋር አመሳክር ነበር። አንድ ጊዜ ገንዘቡ ከመዝገቡ በልጦ በመገኘቱ ደረሰኞቹን በተራ ቁጥራቸው ስፈትሽ ሁለቱ ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን አገኘሁ። መዝግቤ ለክበቡ ሰብሳቢ በጽሑፍ አሳወቅኩ።»

ሁለተኛው ላይ ታማኝ የሚል ቃል የለም። ነገር ግን ባንክ ውስጥ የሠራ ሰው ሲያነበው ብዙ ነገር ያያል። ደረሰኝ መኖሩ ገንዘብ ያለ ሰነድ እንደማይቀበል ያሳያል። በየሳምንቱ ማመሳከሩ ልዩነት ሳይከማች እንደሚይዝ ያሳያል። ከሁሉም በላይ ግን ብልጫው ነው የሚናገረው። ልምድ የሌለው ሰው ትርፍ ገንዘብ ሲያገኝ ችግር አይመስለውም፤ ባንክ ቤት ግን ብልጫ ማለት የአንድ ደንበኛ ገንዘብ ያለ ቦታው ተቀምጧል ማለት ስለሆነ እንደ ጉድለቱ ሁሉ ይፈለጋል። ለሰብሳቢው በጽሑፍ ማሳወቁም አንዱ የሠራውን ሌላው አይቶ የሚያጸድቅበትን የባንክ አሠራር ይመስላል። እንዲህ ያለው ሰው ሲሰለጥን ደንቡ እንግዳ አይሆንበትም።

ክበብ ውስጥ ላልነበረ ሰውም ቦታ አይጠፋም። ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ሰብስበው መልሱን ወደ ኤክሴል ሲያስገቡ ስህተትን እንዴት እንደያዙ መጻፍ ይቻላል፤ ለምሳሌ ከእያንዳንዱ አሥር ቅጽ አንዱን መልሰው ከወረቀቱ ጋር አስተያይተው ከሆነ። በቤተሰብ ሱቅ የዕለት ሽያጭ የመዘገበ፣ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቶ ክፍያና ሰዓት በደብተር የያዘ ሰውም የሚጽፈው አለው። አንድ ታሪክ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አራት ታሪክ እየጠቀሱ አንዱንም አለማብራራት ወደ ቅጽሉ መመለስ ነው።

ማስጠንቀቂያው ያልሆነውን መፍጠር ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ከዚሁ አንቀጽ ነው የሚወጣው፦ ልዩነቱን ያገኘኸው እንዴት ነው? ሰብሳቢው ምን አለ? ደረሰኙን ማን ነበር የሚያሳትመው? ሥራውን የሠራ ሰው ሳያስብ ይመልሳል፤ የፈጠረው ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል።

የልምምድ ቦታን ምስጢር ደብዳቤ ላይ ማውጣት

ይህ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ስህተት ነው፤ የሚሠሩትም ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ አመልካቾች ናቸው። በባንክ ወይም በብድርና ቁጠባ ተቋም የተግባር ልምምድ ያደረገ ተመራቂ ያየውን ለማሳየት ሲጓጓ «የእገሌ ድርጅትን የብድር ፋይል አደራጅቻለሁ» ወይም «ቅርንጫፉ በዚያ ወር ይህን ያህል ተቀማጭ ሰብስቦ ነበር» ብሎ ይጽፋል። አንባቢው የሚያስበው ስለ ችሎታው አይደለም። ዛሬ የዚያን ተቋም ደንበኛ የጠቀሰ ሰው ነገ የእኛንስ ለማን ያወራል የሚለውን ነው።

የተሠራውን ሥራ እንጂ የደንበኛውን ማንነት፣ የሒሳብ መጠን ወይም የቅርንጫፉን የውስጥ ችግር አይጻፉ። «የብድር ማመልከቻ ፋይሎች ከማረጋገጫ ዝርዝሩ ጋር መሟላታቸውን በኃላፊ ክትትል አረጋግጥ ነበር» የሚለው በቂ ነው። «በኃላፊ ክትትል» የምትለዋን አያውጧት፤ ተለማማጅ ብቻውን ብድር አያጸድቅም። ያጸደቀ መስሎ የጻፈ ሰው ወይ እየዋሸ ነው ወይ ሥራውን አልተረዳውም።

ሌላ ሥራ የፈለጉ መስሎ መጻፍ

ሰልጣኝ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቅርንጫፍ ነው። መስኮት ላይ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ ሒሳብ ይከፍታል፣ መታወቂያና ቅጽ ያመሳክራል፣ ገንዘብ ይቆጥራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብድር፣ ወደ ውጭ ምንዛሪ ወይም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚዘዋወረው። ደብዳቤው ግን ብዙ ጊዜ ስለ ኢንቨስትመንት ትንተናና ስለ ስትራቴጂ ያወራል። ቅርንጫፍ የሚልከው ሰው ሲያነበው ይህ ልጅ መስኮት ላይ ሦስት ወር አይቆይም ብሎ ነው የሚያልፈው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕቅድን ደብዳቤው ላይ ማስፈር ነው። ሥልጠና ለባንኩ ወጪ ነው፤ አንዳንዶቹ ሰልጣኙን ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ውል የሚያስፈርሙትም ለዚህ ነው። ዕቅዱን መያዝ ነውር የለበትም፣ ግን ቦታው እዚህ አይደለም። በምትኩ በእርግጥ ፈቃደኛ ከሆኑ «በተመደብኩበት ቅርንጫፍ፣ ከደንበኛ አገልግሎት ጀምሮ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ይበሉ። ከመኖሪያቸው ርቀው መሥራት የማይችሉ ሰዎች ይህን መስመር መተው አለባቸው፤ ምደባ ሲመጣ እምቢ ማለት ቀድሞ ካለመጻፍ ይከፋል።

ቁጥርን ማጠጋጋት

አማካይ ውጤት 3.18 ሆኖ ሳለ 3.2 ብሎ መጻፍ ለጸሐፊው ትንሽ ነገር ነው። ለባንክ ግን ደብዳቤው ከትራንስክሪፕቱ አልገጠመም ማለት ነው። 3.18 ራሱ መጥፎ ውጤት አይደለም፤ መጥፎው ልዩነቱ ነው። በማስረጃው ላይ እንዳለ፣ ሁለቱንም የአሥርዮሽ ቤት ጠብቀው ይጻፉ። ውጤቱ በማስታወቂያው የተጠየቀውን ካላሟላ ደግሞ ደብዳቤው አያሟላውም።

የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። ዲግሪው ላይ፣ መታወቂያው ላይና ደብዳቤው ላይ ስሙ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ ማስረጃ ሲመረመር ጥያቄ ይነሳል። ደብዳቤው የዲግሪውን አጻጻፍ ይከተል። የምረቃ ወርና ዓመት፣ የልምምድ ጊዜ መጀመሪያና ማብቂያ ከሲቪው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታዩ።

የሌላ ባንክ ስም መርሳት

አንዱን ደብዳቤ ለብዙ ባንክ የሚልክ ሰው አድራሻው ላይ ያለውን ስም ይቀይርና መጨረሻው አንቀጽ ላይ ያለውን ይረሳል። በባንክ ሥራ ሰነድ ሳያነቡ መፈረም ምን እንደሚያመጣ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የቀድሞውን ባንክ ስም በኮምፒውተሩ የመፈለጊያ ትዕዛዝ ይፈልጉት፤ በአሕጽሮቱም ጭምር። የፋይሉን ስምም ይመልከቱ፣ አንዳንዴ የሌላው ባንክ ስም የቀረው እዚያ ላይ ነው።

በልመና መዝጋት

«ቤተሰቤን የምረዳው እኔ ስለሆንኩ ዕድሉን እንድትሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።» ችግሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የገንዘብ ጭንቀትን ገንዘብ ለሚያስረክብ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ያሰቡትን አያመጣም። መዝጊያው አጭርና ለሥራ የሚሆን ይሁን፦ ምን ምን ሰነድ እንደተያያዘ፣ ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ መቼ መቅረብ እንደሚችሉ፣ በየትኛው ስልክ እንደሚገኙ። ሙሉው ደብዳቤ ከ200 እስከ 250 ቃል፣ ቢበዛ አንድ ገጽ ነው። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ የሚቆረጠው ስለ ባንኩ ዝናና ስለ ዘርፉ ዕድገት የተጻፈው አንቀጽ ነው፤ እሱን ባንኩ ከእርስዎ የተሻለ ያውቀዋል።