ሠራተኛው ለቋል፣ ቢሉ ግን ያው ነው፦ የዓመት ውል ከመታደሱ በፊት ምን እናድርግ?

አዳማ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት እንውሰድ። ኢሜይሉም ፋይሉም ጉግል ወርክስፔስ ላይ ነው። በዓመት ውል የ22 ሰው ላይሰንስ ይከፍላል። በትክክል የሚሠሩበት ግን 13 ሰዎች ናቸው። አንዱ ላይሰንስ በወር 7 ዶላር ቢሆን እንኳ፣ የዘጠኙ ትርፍ በዓመት 756 ዶላር ይመጣል። ዶላር በሚገኝበት ዋጋ በብር አስሉት።

ምልክት፦ የለቀቁት አካውንት ተዘግቷል፣ ክፍያው አልቀነሰም

ብዙ ጊዜ የተደረገው ነገር ሰስፔንድ ማድረግ ብቻ ነው። ሰስፔንድ የተደረገ ሰው መግባት አይችልም፤ ላይሰንሱ ግን እንደተያዘ ነው፣ ይከፈልበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሉ ራሱ ነው። በዓመት ውል ላይሰንስ መጨመር በፈለጋችሁበት ቀን ይቻላል። መቀነስ ግን የሚቻለው ውሉ ሲታደስ ብቻ ነው። መሀል ላይ አካውንት ብታጠፉ እስከ እድሳቱ ድረስ ያው ክፍያ ይቀጥላል። የሚተርፋችሁ ነገር ቢኖር ባዶውን ላይሰንስ ለአዲስ ሠራተኛ መስጠት ነው፤ ስለዚህ ሰው ስትቀጥሩ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን እዩ።

የእናንተ ውል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ `admin.google.com` ግቡና `Billing > Subscriptions` ክፈቱ። የውሉ ዓይነትና የሚታደስበት ቀን እዚያ አለ። የገዛችሁት በአከፋፋይ በኩል ከሆነ ግን የሚቀንስላችሁ እሱ ነው። በጽሑፍ ጠይቁት፤ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ እንዳለባችሁም ከውላችሁ ላይ አንብቡ።

ዘጠኙን እንዴት እንለይ?

`Directory > Users` ላይ የእያንዳንዱ ሰው የመጨረሻ መግቢያ ቀን ይታያል። እሱን ብቻ አይታችሁ እንዳትቆርጡ። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚውለው የትራንዚት ሠራተኛ አንዴ ስልኩ ላይ ከገባ ወራት ሙሉ እንደገና ፓስወርድ ላይጠየቅ ይችላል። ቀኑ የቆየ ይመስላል፣ ሰውየው ግን በየቀኑ ኢሜይል ይልካል። `Reporting` ውስጥ ያለው የኢሜይል አጠቃቀም ይሻላል። ከዚያ ዝርዝሩን አትማችሁ ለየክፍሉ ኃላፊ አሳዩ። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እኮ ከለቀቀ ቆየ» የሚለው ቃል ከሪፖርቱ በላይ ይረዳል።

በእኛ ድርጅት አራቱ የለቀቁ ናቸው። ሁለቱ ለሥራ ብዛት ጊዜ የተቀጠሩ ነበሩ። ሦስቱ ሰዎች አይደሉም፤ `info`፣ `sales` እና `finance` የሚባሉ አድራሻዎች ናቸው። ለእነዚህ ላይሰንስ መክፈል አያስፈልግም። አድራሻውን ግሩፕ ብታደርጉት ደብዳቤው ለብዙ ሰው ይደርሳል። አንድ ሰው ብቻ የሚያየው ከሆነ ደግሞ በእሱ አካውንት ላይ አሊያስ፣ ማለትም ተጨማሪ አድራሻ፣ አድርጉት። ሁለቱም ተጨማሪ ክፍያ የላቸውም።

አካውንት ከማጥፋታችሁ በፊት የድራይቭ ፋይሎቹን ለሌላ ሰው አስተላልፉ፣ የሚያስፈልገውን ኢሜይል አውጥታችሁ አስቀምጡ። የጠፋ አካውንት የሚመለሰው በ20 ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አለቀ። የጉምሩክ ሰነድ የያዘ አካውንት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ምልክት፦ «ገና ቀን አለን» ስንል ውሉ ታደሰ

ይሄ የእኛው አገር ችግር ነው። ስክሪኑ ላይ March 15, 2026 ተጽፏል። ሒሳብ ክፍሉ ማርች ማለት መጋቢት ነው ብሎ ማስታወሻው ላይ «መጋቢት 15» ይጽፋል። ትክክለኛው ቀን ግን መጋቢት 6፣ 2018 ነው። ዘጠኝ ቀን ተበላ፣ ከዚያ የሌላ ዓመት ክፍያ ተጀመረ።

መፍትሄው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍና ማስታወሻውን ከእድሳቱ አንድ ወር በፊት ማድረግ ነው፤ ለዚህኛው የካቲት 6። አካውንቶቹ አስቀድመው ይጥፉ፣ ከዚያ የእድሳት ምርጫው ውስጥ የላይሰንሱ ቁጥር 13 ይሁን። ገጹን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የሰው ቁጥር ከወር ወር የሚለዋወጥ ከሆነ ወደ ወርሃዊው ውል መዞርም ይቻላል። ለአንድ ሰው ዋጋው ይወደዳል፣ ግን በፈለጋችሁት ጊዜ ትቀንሳላችሁ።

ካርዱን ብናዘጋስ?

ዶላር የሚከፈልበትን ካርድ ባንክ ሄዶ ማዘጋት ውሉን አያቋርጥም። ክፍያው ሲከሽፍ አገልግሎቱ ለሁሉም ሊታገድ ይችላል፤ የ13ቱም ሥራ ይቆማል።

ማይክሮሶፍት 365 የምትጠቀሙ ከሆነ እዚያም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ላይሰንሱን ከሰውየው ላይ ማንሳት አንድ ነገር ነው፣ የተገዛውን ቁጥር መቀነስ ሌላ ነው። ቢሉ የሚወርደው በሁለተኛው ነው፤ እሱም `Billing > Your products` ውስጥ ይደረጋል። ውሉ ሳታስቡት ቢታደስ በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውስጥ መቀነስ ወይም መሰረዝ ይቻላል። ስለዚህ አዲሱ ደረሰኝ በመጣበት ቀን ይከፈትና የሰው ቁጥሩ ይታይ።