በቢሲኤኤ ጣሳ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጂም ላይ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ልጅ ጣሳ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጾሙ ደረሰ። ጡንቻዬ እንዳይቀልጥብኝ ይሄን ገዛሁ» አለኝ። ቢሲኤኤ የሚባለው ዱቄት ነበር። ገና አልከፈተውም። ልጁ 70 ኪሎ ይመዝናል፣ በሳምንት አራት ቀን ብረት ያነሳል። ቁጭ አልንና በልቶ የሚያድረውን በወረቀት ላይ ጻፍን። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ጣሳው ውስጥ ያለውን እንወቅ። ፕሮቲን ከ20 አሚኖ አሲዶች ይሠራል። ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለብን። ቢሲኤኤ የሚባሉት ከዘጠኙ ሦስቱ ናቸው፦ ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን። የቀሩት ስድስቱ ጣሳው ውስጥ የሉም።

የሚበሉትን ሳይቆጥሩ መግዛት

በ2018 እ.ኤ.አ. የ49 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያየ ትንተና ወጥቶ ነበር። ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 1.6 ግራም ፕሮቲን ከደረሰ፣ ከዚያ በላይ መጨመሩ ለጡንቻ ይህ ነው የሚባል ነገር አይጨምርም። ለልጁ ይህ 112 ግራም ገደማ ነው።

የፍስክ ቀኑን ቆጠርን። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። ጠዋት ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ ዳቦ 9፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8። ምሳ ሁለት እንጀራ 20፣ ሽሮ 10። ከሰዓት በኋላ ቆሎ 8። ማታ አንድ ተኩል እንጀራ 15፣ አንድ መቶ ሃምሳ ግራም ሥጋ ያለበት ወጥ 30። ድምሩ 118። ደርሷል ማለት ነው።

ምግብ ውስጥ ካለ ፕሮቲን አንድ አምስተኛ ገደማው እነዚያው ሦስት አሚኖ አሲዶች ናቸው። ስለዚህ ልጁ ያለ ምንም ጣሳ በቀን 20 ግራም ያህል ቢሲኤኤ ይበላል። አንድ ማንኪያ ዱቄት የሚጨምርለት 5 ግራም ነው። ለዚያውም ያልጎደለውን።

ደቦ ጠሪውን ከድንጋዩ ጋር ማምታታት

ሻጮች «ሉሲን የጡንቻ ግንባታን ያስነሳል» ይላሉ። እውነት ነው። ችግሩ እዚያ ላይ ማቆማቸው ነው። ሉሲን ደቦ ጠሪ ነው። ሰው ሁሉ ተጠርቶ ቢመጣ፣ ድንጋይና ጭቃ ካልቀረበ ግድግዳ አይነሳም። ድንጋዩ ዘጠኙም አሚኖ አሲዶች ናቸው። ስድስቱ ከምግብ ካልመጡ ሰውነት ከየት ያመጣቸዋል? በአብዛኛው ራሱን ጡንቻውን እያፈረሰ። ከአንዱ ግድግዳ ድንጋይ እየነቀሉ ሌላውን እንደመገንባት ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። ብረት ያነሱ ወጣት ወንዶች 5.6 ግራም ቢሲኤኤ ሲጠጡ፣ የጡንቻ ግንባታቸው ባዶውን መጠጥ ከጠጡበት ጊዜ በ22 በመቶ በለጠ። ማስታወቂያዎቹ የሚወዱት ይህን ቁጥር ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጭማሪው ያንኑ ያህል ቢሲኤኤ ካለበት የወተት ፕሮቲን ከሚገኘው ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። የተነጻጸረውም ከባዶ መጠጥ ጋር እንጂ ከምግብ ጋር አይደለም። እንቁላል ወይም ወፍራም ሽሮ የበላ ሰው ደቦ ጠሪውንም ድንጋዩንም አብሮ በልቷል።

የጾምን ክፍተት በቢሲኤኤ እሞላለሁ ማለት

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ለሰሜን ሸዋ ልጅ ነገሩ ከሁሉ በላይ የሚነካው እዚህ ላይ ነውና።

በጾም እንቁላሉ፣ ወተቱና ሥጋው ይወጣሉ። ከልጁ 118 ላይ 56 ተቀንሶ 62 ይቀራል። ማታ በሥጋው ፈንታ 60 ግራም ምስር ቢሠራለት 77 ይሆናል። 35 ግራም ጎደለ። ጡንቻውን የሚያሰጋው ይህ ጉድለት ነው። 5 ግራም ቢሲኤኤ ቁጥሩን እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩ ቢሞላም ዓይነቱ ሌላ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚያንሳቸው ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው። ባቄላ፣ አተርና ምስር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን ያንሳቸዋል። ቢሲኤኤ ጣሳ ውስጥ ላይሲንም ሜታዮኒንም የለም። የጎደለው ጨው ሆኖ ሳለ በርበሬ መጨመር ነው። እንጀራ በሽሮ፣ የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ሲበላ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። እናቶቻችን ይህን በወጉ ሲያደርጉት ኖረዋል።

አሁን ባቄላውን ከጣሳው ጋር እናስተያየው። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ፣ ሁለት እፍኝ ያህል፣ 26 ግራም ፕሮቲን አለው። ከዚህ ውስጥ ሉሲን 2 ግራም፣ አይሶሉሲን 1፣ ቫሊን 1.2 ገደማ ነው። ሦስቱ ተደምረው ከ4 ግራም ይበልጣሉ። ከአንድ ማንኪያ ዱቄት ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ 1.7 ግራም ያህል ላይሲን አለው። ጣሳው ይህን ጨርሶ አይሰጥም።

ስለዚህ ለልጁ ሁለት ነገር ብቻ ቀየርን። በቀን 100 ግራም ባቄላ ንፍሮ ጨመርን፤ ማታ ዘፍዝፎ ያድርና ይቀቀላል፣ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይበላል። ሁለተኛው ሽሮው ነው። ሁለት ማንኪያ ዱቄት በብዙ ውሃ የተበጠበጠ ሽሮ ቀለሙ እንጂ ፕሮቲኑ የለም። ማንኪያ ስታነሱበት እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ቀጭን ነው። እሱ ላይ 50 ግራም ዱቄት አስጨመርነው፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ያህል። ሁለቱ ተደምረው 36 ግራም ሆኑ። ድምሩ 113 ገባ። ባቄላ ሲሰለቸው ስልጆ ይበላል፣ እሱም ባቄላ ነው።

«ምግብ አይደለም» ብሎ በጾም ሰዓት መጠጣት

አንዳንዶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ በባዶ ሆድ ይሠራሉ፤ መሀል ላይ ቢሲኤኤ ይጠጣሉ። አሚኖ አሲድ ምግብ ነው፣ በግራም 4 ካሎሪ ያህል አለው። ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ስለ ጡንቻው ግን እኔ ልናገር፦ ስፖርት የሠራ ጡንቻ ለሚበላው ፕሮቲን ቢያንስ 24 ሰዓት ንቁ ሆኖ ይቆያል። ጠዋት ሠርቶ ዘጠኝ ሰዓት የበላ ሰው ብዙም አላመለጠውም። የሚመቸው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ቀምሶ አሥራ አንድ ላይ ጂም ይምጣ።

ለሕመሙ ብቻ ብሎ መግዛት

ከስፖርት በኋላ ያለውን የጡንቻ ሕመም ትንሽ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ፕሮቲኑን በሚገባ የሚበላ ሰው ላይማ ይበልጥ ይጠባል። ለአንዳንድ የጉበት ሕመምተኞች ሐኪም ቢሲኤኤ ሊያዝ ይችላል። ያ ሕክምና ነው፣ ከጂም ወሬ ጋር አይገናኝም።

ልጁ ጣሳውን ሳይከፍት ለገዛበት ሱቅ መለሰ። በየሰኞ ጠዋት ሳይበላ እንዲመዘንና የሚያነሳውን ኪሎ እንዲጽፍ ነገርኩት። ሁለቱም አብረው ለሦስት ሳምንት ከወረዱ ምግብ እንጨምራለን ተባባልን። አንዴ ወርዶ ነበር፣ ንፍሮውን የዘለለበት ሳምንት። የፋሲካ ማግሥት ሚዛን ላይ ሲወጣ 69 ኪሎ ተኩል ሆነ፤ የሚያነሳው ብረት ግን ጾሙ ሲገባ ያነሳው የነበረው ነው።