«ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» ያለባቸው ምርጫዎች፦ ተፈታኞች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

«‹ሁልጊዜ› የሚል ምርጫ ካየህ ሰርዘው።» ይህን ምክር ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ምክሩ መሠረት አለው። ጥያቄ የሚያወጣ መምህር የተሳሳቱ ምርጫዎችም ያስፈልጉታል። ቀላሉ መንገድ እውነት የሚመስል ዓረፍተ ነገር ይዞ «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም» ወይም «ብቻ» የሚል ቃል መጨመር ነው። ያኔ አንዲት ተቃራኒ ምሳሌ ብቻ ታፈርሰዋለች። ጣጣው የሚመጣው ምክሩን እንደ ሕግ ስንይዘው ነው።

ቃሏን አይቶ መሰረዝ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከባዮሎጂ አንድ ጥያቄ እንይ። ስለ ደም ቅዳ ትክክል የሆነው የቱ ነው?

ሀ. ሁልጊዜ ኦክስጅን የበዛበት ደም ይይዛል
ለ. ሁልጊዜ ደምን ከልብ ይዞ ይወጣል
ሐ. አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ከደም መልስ ይሳሳል
መ. በፍጹም ወደ ሳንባ አይሄድም

ምክሩን በጭፍን የተከተለ ተማሪ ሀን፣ ለን እና መን ሰርዞ ሐን ያጠቁራል። ተሳሳተ። የደም ቅዳ ግድግዳ ከደም መልስ ይወፍራል እንጂ አይሳሳም። «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ለስላሳ ቃል ሐሰቱን እውነት አያደርገውም።

ሀን የሚያፈርሰው ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ነው። እሱ የሚወስደው ኦክስጅን ያነሰውን ደም ነው። መንም የሚጥለው ይኸው ደም ቅዳ ነው። ለ ግን አይነቃነቅም። ደም ቅዳ ማለት ራሱ ደምን ከልብ የሚያወጣ ማለት ነውና። ስሙን ልብ በሉት፤ አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ይመልሳል። ስያሜው የመጣው ከአቅጣጫው ነው፣ ከኦክስጅኑ አይደለም።

ስለዚህ «ሁልጊዜ» የሚለውን ስታዩ ይህን ጠይቁ፦ ዓረፍተ ነገሩ የነገሩን ትርጉም ነው የሚናገረው ወይስ ብዙ ጊዜ የሚታይበትን ጠባይ? ጠባይ ከሆነ ልዩ ሁኔታ ፈልጉ። ትርጉም ከሆነ አትሰርዙት።

ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አለማንበብ

ጥያቄው «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» ካለ ነገሩ ይገለበጣል። «ሁሉም» ያለበት ምርጫ መልሱ ሊሆን ይችላል።

ልዩ ሁኔታን በቅርብ ብቻ መፈለግ

«የማንኛውም ሪል ቁጥር ስኩዌር ሁልጊዜ ከ0 ይበልጣል።» ተማሪው 2ን ይሞክራል፣ 5ን ይሞክራል፣ ነጌቲቭ 3ንም ይሞክራል። ሁሉም ይሠራሉ። እውነት ነው ብሎ ያጠቁራል። 0ን ግን አልሞከረም፤ የ0 ስኩዌር ራሱ 0 ነው። ልዩ ሁኔታዎች የሚደበቁት ዳር ዳር ላይ ነው፦ ዜሮ ላይ፣ ትንሹ ቁጥር ላይ፣ ከሌሎቹ የተለየው አካል ላይ። መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። ያው ዓረፍተ ነገር «በፍጹም ነጌቲቭ አይሆንም» ቢል ኖሮ ግን እውነት ነበር፤ 0ም አያፈርሰውም።