ገንዘቡ ወደማላውቀው ስልክ ሄደ፤ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ሱቅ የሞባይል ገንዘብ ወኪል ሆኜ እሠራለሁ። «ልኬለት ነበር፣ አልደረሰኝም ይለኛል» እያለ የሚገባ ሰው የማላይበት ሳምንት የለም። እንዲህ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስልኩን ነው። የማረጋገጫው መልእክት ካልመጣና ቀሪ ሂሳቡ ካልቀነሰ፣ የተላከ ነገር የለም፤ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ቀሪው ከቀነሰ ግን መልእክቱ ባይመጣም ገንዘቡ ሄዷል። ቀሪውን ሳያዩ ደግመው የሚልኩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ከፍለው ይመጡና እኔን ይቆጡኛል።

ተደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ግን ሌላ ነው። መልእክቱ መጥቷል፣ ገንዘቡ ወጥቷል፣ የግብይት ቁጥሩም አለ፤ የተቀባዩ ስም ብቻ የማይታወቅ ሰው ስም ነው።

መንስኤው

ሁለት አሃዞች ቦታ ይለዋወጣሉ። እዚህ ከተማ አንዱ በኦሮምኛ ሲያስጽፍ ሌላው በአማርኛ እያሰበ ይጽፋል። ሻጩ ገበያው እየጮኸ «አፉርታሚ ቶርባ» ይላል፤ አርባ ሰባት ማለቱ ነው። ጸሐፊው በጆሮው የቀረውን የመጨረሻውን «ቶርባ» አስቀድሞ 74 ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ አሥር አሃዝ ሞልቷል፣ በ09 ይጀምራል፣ ባለቤትም አለው። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚያስቆምበት ምክንያት የለም።

ከዚህ በኋላ ግን አንድ መከላከያ ቀርቶ ነበር፤ የምስጢር ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የተቀባይ ስም። ሰው ይህን ስም አያነብም አልልም። ያነበዋል፤ ግን ሰበብ ይፈልግለታል። «ሲሙ በወንድሙ ስም ይሆናል»፣ «የሚስቱ ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም መያዝ የተለመደ ስለሆነ የማይገጥም ስም ማንንም አያስደነግጥም። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ስሙ ካልገጠመ ቁሙ፤ ለተቀባዩ ደውላችሁ «በማን ስም ነው የሚወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ከስልክ ማውጫ ውስጥ የድሮ ቁጥር መርጦ መላክም አለ። የተተወ ሲም ጊዜው ሲያልፍ ለሌላ ሰው ይሸጣልና የአክስታችሁ ቁጥር ዛሬ የአክስታችሁ ላይሆን ይችላል።

መፍትሄው፣ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ይህን ተረዱ። ማስተላለፉ ከተፈጸመ በኋላ ላኪው ራሱ የሚሰርዝበት ቁልፍ የለም። እኔ ወኪሉም ልሰርዘው አልችልም፤ ገንዘቡ በእኔ ሂሳብ ውስጥ አላለፈም። ያለው ከአንድ ሰው ሂሳብ ወጥቶ በሌላ ሰው ሂሳብ ውስጥ ነው። ድርጅቱም ቢሆን የላኪውን ቃል ብቻ ሰምቶ ከተቀባዩ ሂሳብ አይወስድም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ዕቃ ገዝቶ የከፈለ ሁሉ ማታ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ገንዘቡን ያስመልስ ነበር። ማስመለስ ማለት እንግዲህ የተቀባዩን ፈቃድ ማግኘት ነው፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ የሕግ ትእዛዝ።

ስለዚህ ቀድሞ የሚደወለው ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ነው። ለቴሌብር ቁጥሩ 127 ነው፤ የሌሎቹን ከራሳቸው መተግበሪያ ላይ አንብቡ። ከዚህ በፊት ደርሶዋችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፦ የግብይት ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ የተላከበትን ሰዓት፣ የተሳሳተውንና ሊላክለት የነበረውን ቁጥር ይጠይቃሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን መስጠት ይጠቅማል፤ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ መለዋወጡ ስህተት መሆኑን በራሱ ይናገራል። ሰዓቱን ስትናገሩ ተጠንቀቁ። መልእክቱ ላይ 14:10 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ነው፤ ቀኑም በፈረንጆች ነው። የተጻፈውን እንዳለ አንብቡላቸው። ከዚያ በግልጽ ቋንቋ «ጉዳዩ እስኪጣራ ገንዘቡ እንዳይንቀሳቀስ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ» በሉና የአቤቱታውን መለያ ቁጥር ተቀበሉ።

ለተቀባዩ የሚደወለው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል። መጀመሪያ ይደውላሉ፣ ይጮኻሉ፣ «ሌባ» ይላሉ። ሰውዬው ስልኩን ይዘጋል፣ ወደ አንድ ወኪል ሄዶ ገንዘቡን ያወጣል። ከወጣ በኋላ ድርጅቱ የሚይዘው ቀሪ ሂሳብ የለም።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልንገራችሁ። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ዕቃ ለሚያቀርብላቸው የመቂ ሰው 14,500 ብር ላኩ። የጻፈው የእህታቸው ልጅ ነው፤ 47 የነበረውን 74 አደረገው። ስሙም አልገጠመም ነበር፤ «የሚስቱ ነው» ብሎ አለፈው። አቅራቢው አልደረሰኝም ሲል ሩብ ሰዓት ያህል አልፏል። ወደ እኔ ሲመጡ ልጁ በእንባ፣ እርሳቸው ደግሞ በቁጣ ነበሩ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ። ለሰውዬው ደውላችኋል?»

«አልደወልንም። ልጁ ፈራ።»

«እንኳን አልደወላችሁ።»

ልጁ የያዘው ስልክ የእርሳቸው ነበርና ለአገልግሎቱ የደወሉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ይህ ግዴታ ነው፤ ከሌላ ስልክ ወይም በሌላ ሰው ድምፅ ከሆነ የሂሳቡ ባለቤት መሆናችሁን ለማረጋገጥ ጊዜ ይባክናል። ሙሉ ስማቸውንና መታወቂያቸውን አረጋገጡ፣ አቤቱታው ተመዘገበ። ከዚያ ተቀባዩን እኔ በእርጋታ ደወልኩለት፤ ዲላ ያለ የባጃጅ ሾፌር ነው። «ወንድሜ፣ በስህተት ገንዘብ መጥቶልሃል፤ ድርጅቱ ሲደውልልህ እሺ በል፣ አንተ ግን ምንም አትላክ» አልኩት። ሰውዬው ደንግጦ ነበር። «እኔ አልነካሁም፤ ግን 14,500 አይደለም ያለኝ» አለ።

ይዋሻል ብዬ ነበር። አልዋሸም። ሂሳቡ ላይ ያልተመለሰ 1,200 ብር የአጭር ጊዜ ብድር ነበረበት። እንዲህ ያለ ብድር (ቴሌብር ላይ እንደኪሴ የሚባለው ዓይነት) ገንዘብ ሲገባ ሰው ሳይጠየቅ በራሱ ይቆረጣል። ስለዚህ የቀረው 13,300 ብር ነው። ሾፌሩ ለድርጅቱ ፈቃዱን ሰጠ፣ 13,300ው ወደ እትዬ ሂሳብ ተመለሰ። የ1,200ው ነገር ግን በአቤቱታው አላለቀም፤ ብድሩ ተከፍሏልና ከሂሳቡ የሚወሰድ የለም። ዕዳው አሁን በሾፌሩና በእርሳቸው መካከል ነው። ሾፌሩ በሁለት ዙር 600፣ 600 ብር ላከላቸው። ተቀባይ «ጎድሎብኛል» ሲላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት ብድር እንዳለበት ጠይቁ፤ የሂሳብ መግለጫው ላይ ቆረጣው ከእናንተ ገንዘብ ቀጥሎ ተጽፎ ይታያል።

ሾፌሩን ለምን «አንተ ምንም አትላክ» እንዳልኩት ግን ልናገር። አንድ ሌላ ደንበኛዬ አቤቱታ አስገብቶ እያለ ተቀባዩን ለምኖ በቀጥታ አስመለሰ። አቤቱታው ግን አልተዘጋም ነበር፤ ከቀናት በኋላ ድርጅቱም መለሰለት። ተቀባዩ ሁለት ጊዜ ከፈለ። ያን ለማስተካከል የፈጀው ጊዜ ከመጀመሪያው ስህተት ይበልጣል። በቀጥታ ከመለሰላችሁ ወዲያው ደውላችሁ አቤቱታውን አዘጉ።

የምስጢር ቁጥር፣ አሁንም የምስጢር ቁጥር

ገንዘቡን ለማስመለስ የማንም የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም፤ የእናንተም፣ የተቀባዩም። በአጭር መልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድም አያስፈልግም። ገንዘብ ጠፋኝ ብላችሁ በቴሌግራም ቡድን ስትጽፉ በደቂቃዎች ውስጥ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ፣ ላስመልስልህ» የሚል ሰው ይደውላል። እርሱ የሚፈልገው የቀረውን ነው። ቁጥራችሁንና የማረጋገጫ መልእክታችሁን እዚያ አትለጥፉ።

የተገለበጠው ማታለል

ምልክቱ ይህ ነው፦ የማታውቁት ሰው ደውሎ «በስህተት 3,000 ብር ልኬብህ፣ ለልጄ መድኃኒት ነው፣ መልስልኝ» ይላል፤ መልእክትም መጥቷል። መልእክቱን የላከውን ተመልከቱ። ከድርጅቱ መደበኛ መላኪያ ሳይሆን ከተራ የሞባይል ቁጥር ከሆነ ሐሰት ነው። ከሁሉ በላይ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፤ መልእክት ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆንም ሌላ ቁጥር ላይ መልስ ካላችሁ አትላኩ። «ለድርጅቱ ደውለህ አስመልስ፣ ሲጠይቁኝ እፈቅዳለሁ» በሉት። ሐቀኛው ይስማማል፤ አጭበርባሪው ይሳደባል።

ተቀባዩ እምቢ ካለ

ይህ ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አለ። የተቀባዩን ማንነትና አድራሻ ድርጅቱ ለእናንተ አይሰጥም፤ ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤት በጽሑፍ ሲጠየቅ እንጂ። ስለዚህ የሂሳብ መግለጫችሁን፣ የማረጋገጫ መልእክቱንና የአቤቱታውን ቁጥር ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። በፍትሐ ብሔር በኩል የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 2164 ሊከፍል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ጠበቃ ባይኖራችሁም አቤቱታ ስትጽፉ የምትጠሩት እርሱን ነው። ለ200 ብር ግን ይህን መንገድ አልመክርም፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ይበልጣል።

ከዋሌት ወደ ሌላ ድርጅት ዋሌት ወይም ወደ ባንክ የሄደ ከሆነ ሁለት ተቋማት ይነጋገራሉና ይዘገያል። አቤቱታው ግን የሚጀመረው ሁልጊዜ ገንዘቡ በወጣበት በኩል ነው፤ ተቀባዩ ድርጅት ዘንድ ሄዳችሁ ብትሰለፉ «የእኛ ደንበኛ አይደላችሁም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።