በኮንስቴሌሽን ዲያግራም ስህተትን መገመት፦ 16-QAM ይሻላል ወይስ 64-QAM?

ኮንስቴሌሽን ዲያግራም መቀበያው ያገኛቸውን ሲምቦሎች በነጥብ የሚያሳይ ስዕል ነው። ስክሪኑ ላይ 16 ትንንሽ የነጥብ ደመናዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ደመና የአንድ ሲምቦል ቦታ ነው። ሲምቦሉ በትክክል መሃሉ ላይ ማረፍ ነበረበት፤ ኖይዝ ግን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። 16-QAM በአንድ ሲምቦል 4 ቢት ይልካል። 64-QAM ደግሞ 6 ቢት ይልካል፣ ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ታዲያ ለምን ሁሌም 64ን አንመርጥም? በዚያው ኃይል 64 ነጥብ ሲታጨቅ በነጥቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ስለሚጠብ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛው የክፍተቱ ግማሽ ነው፤ ከደመናው መሃል እስከ ጎረቤቱ ድንበር ያለው ርቀት ማለት ነው። ሁለተኛው የደመናው ስርጭት ነው። ከ100 ነጥቦች 95 ያህሉ የሚያርፉበትን የአግድም ስፋት ውሰዱና ለ4 አካፍሉት። ከዚያ የክፍተቱን ግማሽ ለስርጭቱ አካፍሉ። እኔ ዲያግራም ሳይ ከሁሉም በፊት የማወጣው ይህን አንድ ቁጥር ነው።

አሁን በምሳሌ እንየው። የሲግናል ኃይል ከኖይዝ ኃይል 100 እጥፍ ይበልጣል እንበል፤ 20 ዴሲቤል ማለት ነው። የ16-QAM ነጥቦች በእያንዳንዱ አቅጣጫ -3፣ -1፣ 1 እና 3 ላይ ከተቀመጡ አማካይ ኃይላቸው 10 ይሆናል። ስለዚህ ኖይዙ 0.1 ነው። በሁለቱ አቅጣጫ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 0.05 ይደርሰዋል። የዚህ ስኩዌር ሩት 0.22 ገደማ ነው፣ ስርጭቱ እሱ ነው። የክፍተቱ ግማሽ 1 ስለሆነ የምንፈልገው ቁጥር 4.5 አካባቢ ይወጣል።

በ64-QAM ነጥቦቹ እስከ 7 ስለሚደርሱ አማካይ ኃይሉ 42 ነው። በዚያው 20 ዴሲቤል ስርጭቱ 0.46 ይሆናል፣ ቁጥራችንም ወደ 2.2 ይወርዳል። ደመናዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክተዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ወደ ቢት ስህተት መቀየር ነው። ጎረቤት ነጥቦች በአንድ ቢት ብቻ እንዲለያዩ ከተደረገ (ግሬይ ኮድ የሚባለው ነው) ይህች አጭር ኮድ ትበቃለች፦

```python
from math import erfc, log2, sqrt

def ber(M, snr_db):
    snr = 10 ** (snr_db / 10)
    q = 0.5 * erfc(sqrt(1.5 * snr / (M - 1)))
    return 4 / log2(M) * (1 - 1 / sqrt(M)) * q

print(ber(16, 20), ber(64, 20))
```

ለ16-QAM ከአንድ ሚሊዮን ቢት 3 ያህሉ ይሳሳታሉ። ለ64-QAM ደግሞ ከ1,000 ቢት 8 ወይም 9። ልዩነቱ ያስደነግጣል። 64-QAM የ16ቱን ያህል ሰፊ ክፍተት እንዲያገኝ 6.2 ዴሲቤል ተጨማሪ ያስፈልገዋል፤ ኃይሉን ከ4 እጥፍ በላይ ማሳደግ ነው። ጠንካራ የስህተት ማረሚያ ካለ ግን ያንን ጥሬ ስህተት ሊያጸዳው ስለሚችል፣ ከመወሰናችሁ በፊት ከእርማት በኋላ የቀረውን ስህተት የሚቆጥረውን ቆጣሪም እዩ።

ሒሳቡ የሚሠራው ደመናው ክብ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ቅርጹን በደንብ እዩት። ጥጉ ላይ ያሉት ነጥቦች እንደ ቅስት ከተዘረጉ ችግሩ የፌዝ ኖይዝ፣ ማለትም የሲግናሉ ማዕዘን መዋዠቅ ነው፤ ከመሃል የራቀ ነጥብ የበለጠ ይወዛወዛል። ጥጎቹ ወደ ውስጥ ከተሰበሰቡ ማጉያው ከአቅሙ በላይ እየተገፋ ነው። እዚህ ላይ ኃይል መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። ደመናው መሃሉ ባዶ የሆነ ቀለበት ከመሰለ ደግሞ አንድ ጠባብ ጣልቃ ገብ ሲግናል ፈልጉ።

እኔን ራሴን የሸወደኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ መሣሪያ እያንዳንዱን ነጥብ በአቅራቢያው ካለው ቦታ ጋር አያይዞ ነው ስርጭቱን የሚለካው። ነጥቡ ድንበር አልፎ ጎረቤት ቤት ከገባ የጎረቤቱ ተብሎ ይቆጠራል፣ ርቀቱም ትንሽ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ደመናዎቹ ሲነካኩ ስክሪኑ ላይ የሚነበበው `MER`፣ ማለትም የሲግናል ኃይል ከስህተቱ ኃይል ጋር በዴሲቤል ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር፣ ከእውነታው ያማረ ነው። መላው ወደ 16-QAM ወርዶ እዚያ መለካት፣ ከዚያ የተገኘውን ዴሲቤል ለ64 በኮዱ ማስላት ነው።

የነጥቦቹንም ብዛት አትርሱ። ስክሪኑ 2,000 ሲምቦል ካሳየ በ16-QAM 8,000 ቢት ነው። በምሳሌያችን አንድም ስህተት ላይታይ ይችላል። ግምቱን በቆጠራ ለማረጋገጥ 100 ያህል ስህተት እስኪገኝ ጠብቁ፤ ያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ቢት ይፈልጋል። በ64-QAM ግን እነዚያው 2,000 ሲምቦሎች ብቻ 100 ገደማ ስህተት ይሰጧችኋል።