ረጅሙ የሽያጭ ቪዲዮ ሲቆራረጥ ለምን ይሞታል?

ምልክቱ፦ ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጀው ቪዲዮ ደንበኛ ያመጣል። ከሱ የተቆረጡት አጫጭሮች ግን ቲክቶክ ላይ ገና ሲጀምሩ ይታለፋሉ።

ብዙ ሰው የሚያማርረው የተለቀቀበትን ሰዓት ወይም ሃሽታጉን ነው። እኔ ጋ ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ግን ሌላ ነው፦ ቁራጩ ብቻውን መቆም አይችልም።

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የመንዝ በርኖስ ነጋዴ ቪዲዮውን አስቆርጦ አመጣልኝ። ቆራጩ በየ30 ሰከንዱ ቀንጥሶታል፤ በቃ፣ የሰዓት ቆጣሪ ሥራ! አንዱ ቁራጭ «ቅድም እንዳልኳችሁ ይሄኛውም እንደዛው ነው» ብሎ ይጀምራል። የቱ? እንደምን? ተመልካቹ ጠብቆ አይጠይቅም፣ ያልፋል። ሌላው «በሙቅ ውሃ...» ላይ ያበቃል። ነጋዴው የጨረሰው «...እንዳታጥቡት» ብሎ ነበር። በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ እሱን ከቆረጣችሁ ምክሩ ይገለበጣል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኮማተራል፤ ወቀሳው ደግሞ ነጋዴው ላይ ነው የሚመለሰው።

መፍትሄው፦ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ንግግሩን በወረቀት ጻፉት። «ቅድም»፣ «ይሄኛው»፣ «ስለዚህ» ብሎ የሚጀምረውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አስምሩበት። መነሻ አይሆንም። ቀጥሎ ቃል ሳይሆን ማስረጃ ፈልጉ። በርኖሱ እውነተኛ ሱፍ ለመሆኑ የነጋዴው ማስረጃ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ተቀብሮ ነበር። ከጫፉ ክር መዝዞ ክብሪት ይለኩስበታል። ክሩ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይፈርሳል። ከዚያ የሰው ሠራሽ ክር ይለኩሳል፤ እሱ ቀልጦ እንደ ጠጠር ይጠነክራል። ቲክቶኩ የጀመረው ከክብሪቱ ነው። ሰላምታው፣ የሱቁ ስም፣ አድራሻው ሁሉ ወደ መጨረሻ ሄደ። (የምታቃጥሉት የተመዘዘውን ክር ብቻ ነው፣ ልብሱ አጠገብ በፍጹም!)

ለቴሌግራም የተቆረጠው ሌላ ነው። ቻናሉ ላይ ያለው ሰው ሱቁን ያውቀዋል። እሱ የሚፈልገው ልኩን፣ ቀለሙን፣ እንዴት እንደሚላክለት ነው። ዋጋ በድምፅ እንዳትናገሩ፤ ከቪዲዮው ሥር በጽሑፍ አስቀምጡት። ዋጋው ሲቀየር ጽሑፉን ታስተካክላላችሁ፣ ድምፁን ግን እንደገና መቅረጽ ነው። ዩቲዩብ ሾርትስ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እስከ 3 ደቂቃ ይቀበላል፤ የፈትሉና የሽመናው ማብራሪያ እዚያ ይመቻል።

ቪዲዮው ላይ ያለው ጽሑፍ ከተሸፈነ፦ ከታችና ከቀኝ ጠርዝ አርቁት፤ የመተግበሪያው ቁልፎች እዚያ ናቸው።

እጅ ወይም ዕቃው ከተቆረጠ፦ በአግድም የተቀረጸውን ወደ 9:16 ስትቀይሩ ፍሬሙን ለእያንዳንዱ ቀረጻ ለየብቻ አንቀሳቅሱ።

የቲክቶክ ምልክት ካለበት፦ ኢንስታግራም ላይ አትጫኑት፣ ለሌሎች ማሳየቱን ይቀንስባችኋል። ንጹሑን ከማቀናበሪያው አውጡ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ረጅሙን ላላየ ሰው አሳዩትና «ምን እየሸጠ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከተንተባተበ፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። የጎደለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነጋዴው እንደገና ይናገር፤ በዚያው ልብስ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን።